ሳኒታይዘር የነካው ጣት

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ በአቅራቢያችን ያለ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሁለት ቀን ነጻ ምርመራ አዘጋጅቶ ነበር። ክብደት፣ የደም ግፊትና ስኳር ይለካል፤ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ኮሌስትሮል ይታያል። ውጤቱ በአምስት ደቂቃ ገደማ ከመሣሪያው በትንሽ ወረቀት ታትሞ ይወጣል። ከፍ ያለ ቁጥር የወጣላቸው ሰዎች ከደም ሥር ተቀድቶ እንዲረጋገጥላቸው ወደ እኛ ይላኩ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ፊቷ ላይ ይታያል። ወረቀቱ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 191፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ኤች.ዲ.ኤል 52፣ በደም ውስጥ ያለው ስብ ትራይግሊሰራይድ 512 ይላል፤ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ኤል.ዲ.ኤል የሚለው ቦታ ላይ ቁጥር የለም፣ ሰረዝ ብቻ። "ቁጥሩ ራሱ ያልወጣው ከልክ በላይ ስለሆነ ነው አይደል?" አለችኝ።

አልነበረም። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ኤል.ዲ.ኤልን በቀጥታ አይለኩም፤ ያሰሉታል። ሦስቱን ይለኩና ከጠቅላላው ላይ ኤች.ዲ.ኤልንና የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛ ይቀንሳሉ። ከ1972 ጀምሮ የሚሠራበት የፍሪድዋልድ ቀመር ነው፤ ብዙ ላብራቶሪዎችም ይጠቀሙበታል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ግን ቀመሩ ስለማይታመን መሣሪያው ስሌቱን ይተወዋል። ሰረዙ የመጣው ከዚያ ነው።

እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ስሌቱን በእጄ ሠራሁት። የ512 አንድ አምስተኛ ወደ 102 ነው። 191 ሲቀነስ 52፣ ሲቀነስ 102፣ ይቀራል 37። ምንም መድኃኒት የማትወስድ ጤነኛ ሴት ኤል.ዲ.ኤሏ 37 ሆኖ አገኛለሁ ብዬ አልጠብቅም። ሦስቱ ቁጥሮች አብረው አይሄዱም ማለት ነው። ትራይግሊሰራይድ በእውነት እንዲህ ሲያሻቅብ ብዙውን ጊዜ ኤች.ዲ.ኤልን ይዞ ይወርዳል፣ የእሷ ግን ጥሩ ነበር።

ከክንዷ ቀዳሁ። ደሙ እስኪረጋ ጠብቄ በሴንትሪፊዩጅ ካዞርኩት በኋላ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። አምስት መቶ የደረሰ ትራይግሊሰራይድ ያለበት ሴረም አጓት መስሎ ይደፈርሳል፤ ከበስተጀርባው የተያዘ ጽሑፍ በደንብ አይነበብም። የእሷ ቢጫ ሆኖ ጥርት ያለ ነበር። ማሽኑም ጠቅላላ 186፣ ኤች.ዲ.ኤል 54፣ ትራይግሊሰራይድ 98 አለ። ኤል.ዲ.ኤል 112 ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ጠቅላላውና ኤች.ዲ.ኤሉ መገጣጠማቸው ነው። 191 እና 186 ምንም ልዩነት አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌስትሮል ትምህርት ፕሮግራም መለኪያ መሠረት ለጠቅላላ ኮሌስትሮል የሚፈቀደው የስህተት ጣሪያ 8.9 በመቶ ነው፤ እውነተኛው 200 የሆነ ሰው ከ182 እስከ 218 ቢነበብለት መሣሪያው ተበላሽቷል አይባልም። ሰውነት ራሱም ከቀን ቀን ይዋዥቃል። ስለዚህ መሣሪያው ደህና ነው፤ የተበላሸው አንዱ ቁጥር ብቻ ነው። አንዱን ለይቶ አምስት እጥፍ የሚያሳድግ ምንድን ነው?

የሆስፒታላችን ሐኪም መጀመሪያ የጠረጠረችው ቁርስን ነበር። ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው፤ ነገር ግን ተራ ቁርስ ትራይግሊሰራይድን ብዙውን ጊዜ በጥቂት አስሮች ነው የሚጨምረው፣ በአራት መቶ አይደለም። ሴትዮዋ ደግሞ ሁለቱንም ቀን ምንም ሳትቀምስ ነበር የመጣችው።

እኩለ ቀን ላይ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። በአዳራሹ በር ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ለሚገባው ሁሉ ሳኒታይዘር ይረጫል። የእኔንም እጅ ዘርግቼ ተረጨልኝና ጠርሙሱን ተቀብዬ አነበብኩት። ኢታኖል 80 በመቶ፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ግሊሰሮል 1.45 በመቶ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሆስፒታሎች ያወጣው ቀመር ነው፤ ግሊሰሮሉ የሚገባው አልኮሉ ቆዳን እንዳያደርቅ ነው። በገበያ ግሊሰሪን ብለን የምንገዛው ያው ነገር ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በመሣሪያው ካሴት ውስጥ ያለው ኬሚካል ትራይግሊሰራይድን እንዳለ አይለካውም። መጀመሪያ ኢንዛይም ሰባብሮት ግሊሰሮል ይወጣል፤ ቀለም የሚያመጣውና የሚለካው ያ ግሊሰሮል ነው። ግሊሰሮሉ ከደሙ ይምጣ ከጣቱ ቆዳ፣ ኬሚካሉ አይለይም። የኮሌስትሮሉና የኤች.ዲ.ኤሉ ምርመራ ግን ግሊሰሮልን ጨርሶ አይነካም፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ቁጥሮች ሳይበላሹ የቀሩት። ትልቁ የላብራቶሪ ማሽናችንም የሚሠራው በተመሳሳይ ኬሚስትሪ ነው። ልዩነቱ የደሙ መንገድ ነው፤ ከክንድ ሲቀዳ ከደም ሥር በቀጥታ ወደ ቱቦ ይገባል፣ ከጣት ሲወሰድ ግን ቆዳው ላይ ጠብታ ሆኖ ይቆያል።

መጠኑን ያስላሁት እዚያው ቆሜ ነው። ግሊሰሮል ከትራይግሊሰራይድ በክብደት ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ከቆዳ የገባ አንድ ሚሊግራም ግሊሰሮል እንደ አሥር ሚሊግራም ትራይግሊሰራይድ ይቆጠራል። መሣሪያው የሚወስደው 40 ማይክሮ ሊትር ደም ነው። በዚያ ጠብታ ላይ ውጤቱን በዴሲ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ለማሳደግ የሚበቃው 8 ማይክሮ ግራም አካባቢ ግሊሰሮል ነው፣ በዓይን የማይታይ ነገር። በአንድ ጊዜ እጃችን ላይ የሚረጨው 3 ሚሊ ሊትር ሳኒታይዘር ደግሞ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ይዟል። አልኮሉ ተንኖ ይሄዳል፤ ግሊሰሮሉ ቆዳው ላይ ይቀራል።

ደሙን የምትወስደው ሲስተር ጣቱን በአልኮል ጥጥ እንደምትጠርግ ነገረችኝ። አይቻታለሁም፣ ሥራዋ ንጹሕ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ በጥጥ ማለፍ ግሊሰሮሉን ያቀጥነዋል እንጂ አያጥበውም። "እንሞክረው" አልኳት። ከረዳቶቹ አንዱ ቀኝ እጁን ሳኒታይዘር ተቀባ፤ ግራውን በቧንቧ ውኃ ደጋግሞ አለቅልቆ በንጹሕ ወረቀት አደረቀ። ከሁለቱም እኩል ጠርጋ ወሰደች። ቀኙ 389፣ ግራው 118። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ በሁለቱም እጅ የተቀራረበ ነበር። ሲስተሯ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ይዛ "ትናንት ያስፈራራናቸው ሰዎች!" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰቡኝ ሳይፈሩ የሄዱት ናቸው። ትራይግሊሰራይድ በሐሰት ሲጨምር ከጠቅላላው ላይ የሚቀነሰው አንድ አምስተኛም ይጨምራል፣ ኤል.ዲ.ኤል ደግሞ በሐሰት ዝቅ ይላል። 512 የወጣለት ሰው ሰረዙን አይቶ ይደነግጣል፣ ይመጣል። 300 አካባቢ የወጣለት ግን ደህና የሚመስል ኤል.ዲ.ኤል ይዞ ቤቱ ይገባል።

የሁለቱን ቀን መዝገብ አወጣንና ትራይግሊሰራይዳቸው ከ200 በላይ የሆኑትን ሁሉ ለመጥራት ተስማማን። በእርግጥ ሁሉም የሐሰት አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ከክንድ ሲቀዳም ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ሽንት ቤት ገብተው እጃቸውን ታጥበው የተሰለፉት ደግሞ ጨርሶ አልተነኩም። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ማንም ያላስተዋለው።

ሰኞ ከመጡት አንዱ በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ናቸው። ስኳር አለባቸው። ወረቀታቸው ጠቅላላ 216፣ ኤች.ዲ.ኤል 44፣ ትራይግሊሰራይድ 330፣ ኤል.ዲ.ኤል 106 ይላል። "ጋሼ፣ ምንም ነገር አልቀመሱም አይደል?" ስላቸው ከሌሊት ጀምሮ ውኃ ብቻ እንደጠጡ ነገሩኝ። ከክንድ የተቀዳው ጠቅላላ 222፣ ኤች.ዲ.ኤል 45፣ ትራይግሊሰራይድ 140 ሆነ። የ140 አንድ አምስተኛ 28 ነው፤ 222 ሲቀነስ 45፣ ሲቀነስ 28፣ ኤል.ዲ.ኤል 149። ጠቅላላው በስድስት፣ ኤች.ዲ.ኤሉ በአንድ ብቻ ነው የተለያየው፤ ኤል.ዲ.ኤል ላይ ግን የ43 ልዩነት አለ።

ሐኪሟ የቆየ ካርዳቸውን አስወጣች። ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን 10 ሚሊ ግራም ከመጀመራቸው በፊት ኤል.ዲ.ኤላቸው 155 ነበር፣ ጀምረው ከቆዩ በኋላ 98። አሁን 149 ማለት መድኃኒቱ ሰውነታቸው ውስጥ የለም ማለት ነው። ስትጠይቃቸው አልደበቁም። "ልጄ፣ ከመስከረም ጀምሮ ትቼዋለሁ። እግሬን ያመኝ ነበር። እንግዲህ ያንን ወረቀት ሳይ፣ ሳልውጠውም 106 ነው ካለ ምን ያደርግልኛል ብዬ የቀረውን ለሰው ልሰጥ ነበር" አሏት።

እንደ እሳቸው ባለ ስኳር ሕመምተኛ ላይ ይህ የልብና የአንጎል ደም ሥር ጉዳይ ነው። ሐኪሟ የእግራቸውን ሕመም በደንብ ሰማቻቸው፣ የጡንቻ ምርመራ አዘዘች፣ ከዚያም ላያሳምማቸው የሚችል ሌላ ዓይነት ስታቲን በዝቅተኛ መጠን እንዲሞክሩ ተስማሙ።

መሥሪያ ቤቱ ዘንድሮ ምርመራውን ሲደግም ከኮሌስትሮሉ ጠረጴዛ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ተቀምጧል። ተመርማሪው ሳኒታይዘርም ሆነ የእጅ ቅባት የነካውን እጁን በውኃ አጥቦ ደጋግሞ ያለቀልቃል፤ ሳሙናም ቢሆን ብዙው ግሊሰሪን ስላለበት የሚፈለገው ማለቅለቁ ነው። ደርቆ ሲመጣ በአልኮል ይጠረጋል፣ አልኮሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይወጋል፣ የመጀመሪያው ጠብታ በጎዝ ተጠርጎ ሁለተኛው ይወሰዳል። ጣት አይጨመቅም፤ ሲጨመቅ የሥጋ ውኃ ይገባና ሁሉም ቁጥሮች አንድ ላይ ዝቅ ይላሉ። ትራይግሊሰራይድ ብቻውን ከፍ ካለ ደግሞ ሰውየው ወረቀቱን ሳይዝ ከሌላኛው እጅ ይደገማል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነም ኤል.ዲ.ኤሉ ከጣት በወጣው ቁጥር አይወሰንም፤ ከክንድ ይቀዳለታል።