የአክስቴን ኢሜይል በሁለተኛ ቁልፍ እንዴት እንደዘጋሁት

አክስቴ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቁ፣ ጥቂት ክፍሎችን ለእንግዳ ያከራያሉ። በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገሩ የውጭ ሰዎች ክፍል የሚይዙት በኢሜይል ነው። ኢሜይሉን የከፈተችላቸው ሪያድ የምትሠራው ልጃቸው ናት፤ ስልኩንም የላከችው እሷው ናት። በዚህ ምክንያት ስልኩም የጉግል መለያውም ዐረብኛ ብቻ ነበር የሚናገሩት። አክስቴ አማርኛ አሳምረው ያነባሉ፤ ዐረብኛ ግን እሳቸውም እኔም ፊደሉን እንኳ አንለይም። እስከዚያ ድረስ ስልኩን የሚጠቀሙበት በምልክትና በቦታ ነበር፤ ፖስታዋ ኢሜይል ናት፣ አረንጓዴዋ ስልክ መደወያ ናት፣ ሌላው አይነካም።

ነገሩን ያስነሣው አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ደዋዩ በጥሩ አማርኛ፣ በትሕትና፣ የእንግዳ ማረፊያቸውን ምዝገባ እያደሰ እንደሆነ ነገራቸውና ስልካቸው ላይ የገባውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር እንዲያነቡለት ጠየቃቸው። ቁጥሩ እውነትም ገብቷል። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ቁጥሩን ለማንም እንዳይሰጡ የሚያስጠነቅቅ መሆኑን ልጃቸው ኋላ አንብባ ነገረችን። አክስቴ መነጽራቸውን ሲፈልጉ መስመሩ ተቋረጠ እንጂ ቁጥሩን ሊነግሩት ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ይህ አለመመጣጠን ነው፦ አታላዩ በሚገባቸው ቋንቋ ያናግራቸዋል፣ ጠባቂው ግን በማይገባቸው ቋንቋ ያስጠነቅቃቸዋል። ስለዚህ ከይለፍ ቃሉ ሌላ መለያው የሚጠይቀውን ሁለተኛውን ቁልፍ ስናስገባ፣ ዓረፍተ ነገር ማንበብ የማይጠይቅ እንዲሆን ወሰንኩ።

ሥራውን የጀመርኩት ከማረጋገጫው ሳይሆን ከቋንቋው ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የስልኩ ቋንቋ አንድ ነው፣ የመለያው ቋንቋ ሌላ ነው፤ አንዱን መቀየር ሌላውን አይቀይረውም። የመለያውን ቋንቋ ኮምፒውተር ላይ ሆኜ ነው የቀየርኩት፤ በይለፍ ቃላቸው ከገባሁ በኋላ ይህን አድራሻ ጻፍኩ፦

```
https://myaccount.google.com/language?hl=am
```

መጨረሻ ላይ ያለው `hl=am` ገጹ በአማርኛ እንዲታይ ያዛል፤ `am` የአማርኛ መለያ ኮድ ነው። ይህ ግን ለዚያች ገጽ ብቻ ነው። ቋሚ የሚሆነው እዚያው ገጽ ላይ የእርሳሷን ምልክት ተጭኖ አማርኛን መርጦ ሲያስቀምጡ ነው። ከዚያ በኋላ የደህንነት ማሳወቂያ ኢሜይሎች በአማርኛ መምጣት ጀመሩ። አጭር የጽሑፍ መልእክቶቹ ግን አንዳንዴ አሁንም በእንግሊዝኛ ይመጣሉ፤ ይህንን ኋላ እመለስበታለሁ።

የስልኩን ቋንቋ መቀየር ከሚያስቡት በላይ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው የገጹ አቀማመጥ ነው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ገጹ ሁሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል። የመመለሻዋ ቀስት በቀኝ በኩል ትሆናለች፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ከላይ ወደ ታች ያለው ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም። ስለዚህ የእሳቸውን ዓይነት ስልክ ተውሼ በአማርኛ ከፈትኩና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ጥርሳማዋን የቅንብር ምልክት ከነካሁ በኋላ ስንተኛው መስመር ላይ እንደምገባ እየቆጠርኩ ሄድኩ። የቋንቋዎቹ ዝርዝር ላይ ከተደረሰ ሥጋት የለም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ስለሚጻፍ «አማርኛ» የሚለው ከሩቅ ይታያል።

መገልበጡ ሌላም ነገር አስተማረኝ። ብዙ ሰው ለወላጁ «በቀኝ ያለውን ተጫኚ» ብሎ ያስተምራል። ቋንቋ ሲቀየር ግን አዎና አይ የሚሉት ቁልፎች ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ደህንነትን በቁልፍ ቦታ ማስተማር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንገባ፣ ጉግል ከሚያቀርባቸው አማራጮች የመረጥኩት ኦተንቲኬተር የተባለውን መተግበሪያ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከእሱ የሚጠበቀው ስድስት አኃዝ ብቻ ነው። መልእክት አይልክም፣ ኔትወርክም ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ ስለዚህ ቁጥሩ በመንገድ ላይ አይዘገይም። በመለያው የደህንነት ክፍል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ውስጥ ገብቼ ኦተንቲኬተርን ስመርጥ ኮምፒውተሩ ላይ ባለ አራት ማዕዘን የነጥብ ምስል ወጣ። በአክስቴ ስልክ ላይ ባለው በዚሁ መተግበሪያ አነሣሁት፤ ገጹ ሳይዘጋም በእኔ ስልክ ደግሜ አነሣሁት። ሁለቱ ስልኮች ከዚያ ወዲያ አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ። የእሳቸው ቢጠፋ የእኔ አለ። እንዲህ የሚደረገው ግን ቁልፉን ቢይዝ ባለቤቱን በማይከፋው ሰው ስልክ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ ቁጥሩን ጻፍን፤ አልተቀበለም። አዲስ ቁጥር ጠብቀን ጻፍን፤ አሁንም አልተቀበለም። የእኔ ስልክ የሚያወጣው ቁጥር ግን ወዲያው አለፈ። ሁለቱን ስክሪኖች ሳስተያይ ቁጥሮቹ ለየቅል ናቸው፣ የስልኮቹ ሰዓትም እንደዚያው። የእኔ ጠዋት 4:10 ለማለት 10:10 ይላል፤ የአክስቴ 4:10 ይላል። በእኛ አቆጣጠር እንዲነበብላቸው ሰዓቱን በእጅ ወደ ኋላ መልሰውታል። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል፤ በዘልማድ ችግር የለውም፣ እዚህ ላይ ግን ሁሉን ያበላሻል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኦተንቲኬተር ቁጥሩን የሚያሰላው ከሁለት ነገሮች ነው፦ ከዚያ የነጥብ ምስል ካገኘው ምሥጢራዊ ቁልፍና ከዓለም አቀፉ ሰዓት። በየ 30 ሰከንዱ አዲስ ቁጥር ይወጣል። ስልኩ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ላይ እንዳለ፣ እጃችን 10:10ን 4:10 ካደረገው፣ ስልኩ ዓለም ሁሉ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። ስድስት ሰዓት ማለት 720 ቁጥር ወደ ኋላ ነው። ጉግል የጥቂት ሰከንድ ልዩነት ይታገሣል እንጂ ይህን አይቀበልም። የስሕተት መልእክቱም ቁጥሩ ትክክል አይደለም ይላል እንጂ ስለ ሰዓት አንድ ቃል አይተነፍስም፤ በአማርኛም ቢሆን ያው ነው።

ሰዓቱን ራሱ እንዲያስተካክል ብናደርገው ይስተካከላል፤ አክስቴ ግን «ታዲያ እኔ ሰዓቴን ከየት ልየው?» አሉ። ልክ ናቸው። መፍትሔ ያገኘሁለት በሰዓት ሰቅ ነው። «ሰዓትን በራስ ሰር አስተካክል» የሚለውን አበራሁ፣ «የሰዓት ሰቅን በራስ ሰር» የሚለውን ግን አጥፍቼ የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስን መረጥኩ። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በሦስት ይቀድማል፣ የቦነስ አይረስ በሦስት ይዘገያል፤ ልዩነቱ በትክክል ስድስት ነው። ስለዚህ ስልኩ በውስጡ ትክክለኛውን ሰዓት ይዞ፣ ፊቱ ላይ ግን የአበሻውን ያሳያል። ባለ 12 ሰዓት አቆጣጠር ካደረጉት ቀኑ በሙሉ በአንደኛው ምልክት፣ ሌሊቱ በሙሉ በሌላኛው ይወጣል፤ ቀኑም የሚቀየረው ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ ነው። ያሰበበት ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ የሚሠራ አይመስልም። ጉዳቱ፣ ለሌላ ሰው ስልካቸውን ቢያውሱት ግራ መጋባቱ አይቀርም።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ የሁለቱ ስልኮች ቁጥር ገጠመ፣ መለያውም ተቀበለ።

ቀጥሎ፣ ስልኩ በእጅ ባይኖር በቁጥሩ ፈንታ የሚጻፉትን መጠባበቂያ ኮዶች አወጣሁ። ጉግል አሥር ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዳቸው ስምንት አኃዝ ናቸው፣ አንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። በትልቅ ፊደል አትሜላቸው የቤቱ ካርታ ካለበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጧቸው። የተጠቀሙበትን በብዕር እንዲሰርዙ ነገርኳቸው።

አሁን ወደ መልእክቱ። ከሁለተኛ ደረጃ አማራጮች ውስጥ የስልክ ቁጥራቸውን አወጣሁት፤ አታላይ የሚጠይቀውም፣ በማይነበብ ቋንቋ የሚመጣውም እሱ ነውና። ይህ ግን መልእክቱን ጨርሶ አያስቀረውም። የይለፍ ቃል ጠፍቶ መለያ ለማስመለስ የተመዘገበው ቁጥር ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ እሱን ማንሣት ደግሞ ራስን ከቤት ውጭ መቆለፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጉግል በ`G-` የሚጀምር ቁጥር ወደፊትም ሊመጣ ይችላል፣ ምናልባትም በእንግሊዝኛ። ለዚህ ጊዜ አክስቴ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህን እኔ ነኝ የጀመርኩት? እሳቸው ወይም እኔ በዚያች ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ቁጥር እንድንጽፍ ካልተጠየቅን፣ ቁጥሩ የሚሰጠው ሰው የለም። ደዋዩ ባንክም ይሁን፣ መንግሥትም ይሁን፣ የልጃቸውም ድምፅ ቢሆን።

«እየገቡ ያሉት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ስክሪኑን የሚሞላው ጥያቄም በዚሁ ይፈታል። አሁን በአማርኛ ስለሚመጣ ያነቡታል። እኛን አንድ ጊዜ ያስደነገጠን ከሥሩ የሚጽፈው ቦታ ነው፤ ባሕር ዳር ተቀምጠን አዲስ አበባ ይላል። ቦታው የሚገመተው ከኢንተርኔት አድራሻው ስለሆነ በከተማ ስም ላይ መፍረድ አያስተማምንም። ባልታወቀ ቋንቋ ከመጣ ደግሞ ምንም አለመንካት ይበቃል። ካልተፈቀደ ማንም አይገባም፤ ጥያቄው ራሱ ጊዜው ያልፍበታል። እሳቸው ሳይጀምሩት ከመጣ ግን የይለፍ ቃሉን ሌላ ሰው አውቆት ሊሆን ስለሚችል፣ ይደውሉልኝና በዚያው ቀን እንቀይራለን።

ልጃቸው አዲስ ስልክ ልትልክላቸው ነው። ሲም ካርዱን ወደ አዲሱ መቀየር ኦተንቲኬተርን ይዞ አይሄድም፤ ቁልፉ ያለው ስልኩ ውስጥ እንጂ ሲሙ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ አሮጌውን ለማንም ከመስጠታቸው በፊት ሁለቱን ስልኮች አብረው እንዲያመጡልኝ ነግሬያቸዋለሁ። መተግበሪያው መለያዎችን ወደ ሌላ ስልክ የሚያስተላልፍበት የራሱ መንገድ አለው፤ አሮጌው ያንኑ የመሰለ የነጥብ ምስል ያወጣል፣ አዲሱ ያነሣዋል። የአዲሱንም የሰዓት ሰቅ እዚያው ቁጭ ብለን እናስተካክላለን።