ሽቶው ለምን ጠቆረ? ደሴ ላይ አንድ ብልቃጥ ፎቶ ሳነሳ የተማርኩት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሽቶና ዕጣን የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። እትዬ እላቸዋለሁ። ለሱቃቸው ገጽ አንድ ትልቅ ፎቶ ፈለጉ። ጥቁር መደብ ላይ ብልቃጡ ብቻውን ቆሞ፣ ጠርዙ በብርሃን ተስሎ፣ ዙሪያው ስስ ጉም እንዲኖረው ነው የፈለጉት። ብልቃጡ አራት ማዕዘን ነው። ክዳኑ ድፍን ወፍራም መስታወት ሆኖ ባለብዙ ገጽ ነው። ፈሳሹ በብርዝና በጠጅ መካከል ያለ ቀለም አለው። «ቀለሙን እንዳትቀይርብኝ» አሉኝ። «ደንበኛዬ የሚያውቀው በቀለሙ ነው።»

ቤቴ ውስጥ መጋረጃውን ዘግቼ ጀመርኩ። ያሉኝ ሁለት ትናንሽ የባትሪ ፍላሾች ናቸው። ይሄ ጠቅሞኛል፤ መብራት ሁለት ጊዜ ሲሄድ ሥራው አልቆመም። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሬ የሌንሱን ቀዳዳ f/11፣ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/160 ላይ አደረግኩት። በዚህ ልክ ፍላሽ ሳይበራ ካነሳችሁ ፎቶው ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። ካልሆነ የክፍሉ ብርሃን እየገባባችሁ ነው።

አንዱን ፍላሽ ከብልቃጡ ግራ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ አቆምኩና ፊቱ ላይ ብርሃን የሚያለሰልስ መጋረጃ ዘረጋሁ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ነጠላ ነበር። ብርሃኑ ለስላሳ ሆነ፤ ግን ፎቶውን ሳጎላው የነጠላው ድርና ማግ የብልቃጡ ጠርዝ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስታወት ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መልሶ ያሳያል። ነጠላውን አንስቼ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁትን ትሬሲንግ ወረቀት በካርቶን ፍሬም ላይ ወጠርኩ። ፍላሹን ከወረቀቱ አንድ ክንድ ያህል ሳርቀው ጠርዙ ላይ ያለው መስመር ከደማቅ ወደ ደብዛዛ ቀስ እያለ የሚሄድ ሆነ። በቀኝ በኩል ካርቶን ላይ የለጠፍኩት የአሉሚኒየም ፎይል ብርሃኑን መልሶ ቀጠን ያለ መስመር ሰጠኝ። ሁለቱ ጠርዞች እኩል አለመሆናቸውን ወደድኩት፤ ብልቃጡ ውፍረት ያለው ይመስላል።

ሁለተኛው ፍላሽ ከላይ፣ ከብልቃጡ ትንሽ ኋላ ሆኖ ወደ ታች ያበራል። እሱን ስጨምር ጥቁሩ መደብ ግራጫ ሆነ። ብርሃኑ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ እየገባ ነበር። በፍላሹና በሌንሱ መካከል ጥቁር ካርቶን ስሰቅል ጥቁሩ ተመለሰ።

አሁን ጠርዙ አማረ፤ ፈሳሹ ግን ጠቆረ። ያ ጠጅ የሚመስል ሽቶ የቀዘቀዘ ቡና መሰለ። የፍላሹን ኃይል ጨመርኩ፤ ጠርዙ ተቃጠለ፣ ፈሳሹ ያው ጥቁር ነው። ከፊት ለፊት ሳበራበት ደግሞ ብልቃጡ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ተለጠፈ እንጂ ቀለሙ አልመጣም። ግማሽ ቀን እዚህ ላይ ሄደብኝ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ጥርት ያለ ፈሳሽ የሚያሳየን ከኋላው ያለውን ነው። ከኋላው ያለው ጥቁር መደብ ከሆነ የሚታየውም ጥቁር ነው። ስለዚህ ማብራት ያለብኝ ፈሳሹን ሳይሆን ከፈሳሹ ጀርባ ያለውን ነው።

ካርቶን በብልቃጡ ቅርጽ፣ ግን በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ያህል አሳንሼ ቆረጥኩ። ከብልቃጡ ጀርባ አምስት ሴንቲ ያህል ርቆ፣ አናቱን ወደ ኋላ ጋደም አድርጌ አቆምኩት። ከላይ ያለው ፍላሽ ካርቶኑን ይመታል፣ ካርቶኑ ብርሃኑን በፈሳሹ ውስጥ አሳልፎ ወደ ካሜራው ይልካል። ፈሳሹ ወዲያው በራ። ካርቶኑ ትልቅ ከሆነ ጫፉ ከብልቃጡ ጎን ወጥቶ ይታያል፤ በመስታወቱ ውስጥም የተጣመመ መስመር ሆኖ ይገባል። ያኔ ትንሽ ትንሽ መከርከም ነው።

መጀመሪያ ካርቶኑን የሸፈንኩት በወርቃማ የስጦታ ወረቀት ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ያምራልም። ለእትዬ ሳሳያቸው ግን «ይሄ ማር ነው እንጂ የኔ ሽቶ አይደለም» አሉ። ትክክል ናቸው። ወርቁ የራሱን ቀለም ጨምሮበታል። በነጭ ካርቶን ቀየርኩት፣ የካሜራውንም የቀለም ማስተካከያ፣ ማለትም ነጭ ሚዛኑን፣ ፍላሽ በሚለው ላይ አሰርኩት። ነጩ ደግሞ ሲቀርብና ሲበዛ ፈሳሹን ያሳሳዋል፤ ቀጭን ሻይ ያስመስለዋል። ካርቶኑን ሁለት ሴንቲ ወደ ኋላ ስስበው ትክክለኛው ቀለም መጣ።

ክዳኑ ሌላ ጣጣ ነው። ድፍን መስታወት እንደ ሌንስ ይሠራል፤ ከኋላው ያለውን ገልብጦ ያሳያል። ስለዚህ ጥቁር ጠረጴዛዬ ክዳኑ ውስጥ አናት ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ለፈሳሹ የሠራውን ዘዴ ደግሜ ከክዳኑ ጀርባ ሙሉ ነጭ ካርቶን ሳደርግ ክዳኑ በራ፤ ግን ገጾቹ ጠፉና የበረዶ ቁራጭ መሰለ። ገጾቹን አንዱን ከሌላው የሚለያቸው ጥቁሩ መስመር ነው። ካርቶኑን ቆርጬ ከክዳኑ ጀርባ ግማሹን ብቻ ሸፈንኩ። አንዱ ገጽ ሲበራ ጎረቤቱ ጠቆረ፤ ክዳኑም ክዳን ሆነ።

ጉሙን ወደ መጨረሻ አቆየሁት። ብልቃጡን ደረቅ እንዳለ፣ ንጹሕ አድርጌ አስቀድሜ አነሳሁ። በደሴ ጠዋት ብርድ ጎንበስ ብዬ ስወለውለው ትንፋሼ ራሱ መስታወቱ ላይ ጉም ይሠራ ነበር፤ አፌን በማስክ ሸፍኜ በጓንት ነው የጨረስኩት። ከዚያ ካሜራው ሳይነቃነቅ ብልቃጡንና ካርቶኖቹን ከቦታቸው አውጥቼ ጉሙን ለብቻው አነሳሁ። ሽቶ አልረጨሁም፤ አልኮል ስላለበት በተለይ በሚግል አምፖል ለሚሠራ ሰው አደገኛ ነው። ተራ ውሃ ይበቃል። የፀጉር ቤት መርጫ ሞከርኩ፤ ጠብታው ትልቅ ስለሆነ ካፊያ እንጂ ጉም አልሆነም። የባዶ ሽቶ ብልቃጥ መርጫ የተሻለ ሠራ። ከጎን ሆኜ፣ ብልቃጡ ቆሞበት በነበረው ቦታ ዙሪያ ረጨሁ። ፍላሾቹን በቀጭን ፌስታል ሸፈንኳቸው።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ጠብታዎቹ ተጎትተው ነጭ ጭረት ሆኑ። ሹተሩን ማፍጠን አይረዳም፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚያቆመው የፍላሹ ብልጭታ ርዝመት ነው። ትናንሽ ፍላሾች በሙሉ ኃይል ሲሆኑ ብልጭታቸው ይረዝማል። ወደ 1/16 ስትቀንሷቸው ብዙዎቹ ወደ 1/10000 ሰከንድ ይጠጋሉ። የጠፋውን ብርሃን አይኤስኦ ወደ 200 ከፍ አድርጌ፣ ፍላሾቹንም አቅርቤ መለስኩት። ጠብታዎቹ ነጥብ ነጥብ ሆነው ቆሙ። ሠላሳ ያህል አንስቼ ሦስቱን መረጥኩ። ፎቶሾፕ ላይ ከደረቁ ብልቃጥ በላይ ደርቤ Screen በሚለው የማዋሃጃ ስልት አዋሃድኳቸው፤ ጥቁሩ ይጠፋል፣ ጉሙ ብቻ ይቀራል። መለያው ላይ የወደቀውን ጉም ግን አጠፋሁት፤ ስሙ መነበብ አለበት።

ፎቶውን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። እትዬ ብልቃጡን ወደ በሩ ብርሃን አንስተው ከስልኬ ጋር አስተያዩት። «ቀለሙ ይሄው ነው» አሉ። ቆይተው «ክዳኑን ግን ትንሽ አላጠቆርከውም?» አሉኝ። ደግሜ ሳየው እውነታቸውን ነው። «ነገ አስተካክላለሁ» አልኳቸው። «አብሽር፣ አትቸኩል» አሉ። ጠረጴዛዬን ገና አላፈረስኩም ነበር። የክዳኑን ካርቶን አንድ ሴንቲ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ክዳኑን ብቻ እንደገና አነሳሁት።