አንድ የምረቃ ፎቶ ለግድግዳም ለስልክም፦ ባክግራውንድ ከመቀየሩ በፊት የሚለካው

ባክግራውንዱ የተቀየረ ፎቶ ስልክ ላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። ያው ፎቶ በ30 በ40 ታትሞ ሲመጣ ግን ሰውየው የጠራ፣ ከኋላው ያለው ሐይቅ የተልፈሰፈሰ፣ በትከሻው ዙሪያ ደግሞ ነጭ ክር የዞረበት ሆኖ ይገኛል። ይሄን የሚያመጣው አቆራረጡ ብቻ አይደለም። መጠኑ ከመጀመሪያው አለመወሰኑ ነው። ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ የሠራሁት አንድ የምረቃ ፎቶ ስላለ በእሱ ላይ ላሳያችሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ተመረቀች። ጋዋኗንና ቆቧን እንዳደረገች ግቢያቸው ውስጥ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት አቁመው በስልክ አንስተዋታል። እናቷ የፈለጉት ሌላ ነው። «ልጄ፣ ከኋላዋ ሐይቁ ይታይ፤ የታቦር ተራራም እንዳይቀር» አሉኝ። ለሳሎን ግድግዳ 30 በ40 ሳንቲሜትር ይፈልጋሉ። ልጅቷ ደግሞ ለኢንስታግራም ፖስትና ለስቶሪ ትፈልጋለች። ለዘመድ የሚታደል 10 በ15ም አለ።

ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ የምናደርገው ቆርጠን፣ ለጥፈን፣ አሳምረን ስንጨርስ መጠኑን ማሰብ ነው። ያኔ ለስቶሪ ሲቆረጥ ክንድ ይሄዳል፤ ለግድግዳ ሲሆን ቆቡ ከፍሬሙ ጋር ይጋጫል። እኔ አሁን የምጀምረው ከትልቁ ሕትመት ነው። ትልቁን የሚችል ፋይል ትንንሾቹን ሁሉ ይችላል፤ የተገላቢጦሹ አይሠራም።

የልጅቷ ፎቶ 3000 በ4000 ፒክስል ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ የሚሰጠው ይህንኑ ያህል ነው። ሒሳቡን ከዚህ ወዲህ በኢንች አላደርገውም። የእኛ ፎቶ ቤቶችና ፍሬም ሠሪዎች በብዛት የሚያወሩት በሳንቲሜትር ነው። 3000ን ለ30፣ 4000ን ለ40 ስናካፍል በሁለቱም በኩል 100 ይመጣል። ማለትም በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ላይ 100 ፒክስል፣ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ 10 ፒክስል። በኢንች ሲነገር 254 ነው። «ከ300 ካነሰ አይሆንም» የሚሉ አሉ። በእጅ ለሚያዝ ትንሽ ፎቶ 300 ጥሩ ነው፤ ከሶፋ ላይ ሆነው ለሚያዩት የግድግዳ ፎቶ ግን 254 ይተርፋል። እኔ በዚህ ቁጥር አልጨነቅም።

እንግዲህ GIMP በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ውስጥ 3000 በ4000 የሆነ ባዶ ሸራ ከፈትኩ። ምጥጥኑ 3 በ4 ነው፤ ከ30 በ40 ጋር ልክ ይገጥማል። ቀጥሎ በዚህ ሸራ ላይ ሌሎቹን ምጥጥኖች በጋይድ መስመር አሰመርኩ። ለስቶሪ 9 በ16 ነው። ቁመቱን 4000 ካደረግነው ወርዱ 2250 ይሆናል። ለ10 በ15 ምጥጥኑ 2 በ3 ነው፤ ወርዱ 2667። ለፖስት 4 በ5 ስናደርገው ወርዱ 3000 እንዳለ ሆኖ ቁመቱ 3750 ይሆናል፤ 250 ፒክስል ከላይ ይቆረጣል ማለት ነው። ኢንስታግራም ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ 3 በ4ንም ስለሚቀበል ዋናውን ሳይቆርጡ መለጠፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ለፌስቡክም ስለሚሆን 4 በ5ን አልተውኩትም።

መስመሮቹ ሲሰመሩ ልጅቷ የት መቆም እንዳለባት ራሱ ሸራው ይናገራል። መካከለኛው 2250 ፒክስል ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት አለባት። ስቶሪ ላይ ደግሞ ከላይ የስም ጽሑፍ ስለሚያርፍ፣ ከስቶሪው 1920 ፒክስል ቁመት የላይኛውን 250 ያህል ባዶ መተው ይመከራል። ያ በእኛ ሸራ ሲመነዘር 520 ፒክስል ገደማ ነው። ቆቧ ከዚያ በታች መጀመር አለበት።

ዋናው ፎቶ ላይ ከጉልበቷ እስከ ቆቧ ጫፍ 3600 ፒክስል ትሆናለች። እንዳለች ብናስቀምጣት ቆቧ ከላይ 400 ላይ ይወድቃል፤ አይበቃም። ወደ 85 በመቶ ሳሳንሳት 3060 ሆነች፤ ከቆቧ በላይ 940 ፒክስል ሰማይ ተረፈ። ወርዷ ከነጋዋኑ 1600 ገደማ ስለሆነ በስቶሪው መስመር ውስጥ በሰፊው ገባች። ከጉልበቷ በታች ስለሌለች የታችኛው ጠርዟ ከሸራው ጠርዝ ጋር መግጠም አለበት። ለዚህ ነው ለፖስት ስቆርጥ ከላይ ብቻ የምቆርጠው። ማሳነስ ምንም አይጎዳም፤ ከ100 በመቶ በላይ ማሳደግ ግን ፊት ላይ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ። ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ጋ ነው። ልጅቷ የላከችልኝ የሐይቅ ፎቶ ጓደኛዋ ያነሳችው ነው፤ ያምራል። የመጣው ግን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ነው። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርደዋል። በአግድም የተነሳ ስለሆነ 1280 በ960 ሆኖ ደረሰኝ። የእኛ ሸራ ቁመቱ 4000 ነው። 960ውን እስከዚያ መሳብ ማለት ከ4 እጥፍ በላይ መለጠጥ ነው። 960 ለ40 ሳንቲሜትር ሲካፈል 24 ይመጣል። ልጅቷ በሳንቲሜትር 100 ፒክስል፣ ሐይቁ 24።

ሶፍትዌሩ ይሄን አይነግራችሁም። ሸራው 3000 በ4000 ነው፣ በ254 ነው ብሎ ይጽፋል፤ ውሸትም አይደለም። ግን የተቀየረ ፎቶ ከሁለት ቦታ የመጣ ነው፤ ጥራቱም ሁለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሌየር ለብቻው እለካለሁ፦ የመጀመሪያው ፒክስሉ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሳንቲሜትር ሸፈነ። በ`Image > Print Size` ውስጥ 72ን አጥፍቶ 300 መጻፍም አይረዳም። እሱ የሚቀይረው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ አንዲት ፒክስል አይጨምርም። ኢንተርኔት ላይ ያሉ፣ የፎቶን ባክግራውንድ የሚያጠፉ ነጻ አገልግሎቶችም እንደዚሁ ናቸው። አንዳንዶቹ በነጻ የሚያወርዱላችሁ የተቆረጠውን ምስል ትንሽ ቅጂ ነው። ካወረዳችሁ በኋላ ከሌላው ሥራ በፊት መጠኑን እዩ።

ጓደኛዋን ዋናውን እንደ ፋይል እንድትልክልኝ ጠየቅኳት፤ አጥፍታዋለች። በአግድም የተነሳው ዋናው 4000 በ3000 ቢገኝ ኖሮ በሳንቲሜትር 75 ይሰጠን ነበር፤ ከኋላ ላለ ነገር ይበቃል። ስላልተገኘ ራሴ ላነሳው ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ቦታ ሄድኩ። ስልኩን አቁሜ ነው ያነሳሁት፤ 3000 በ4000 ይሆንና ከሸራው ጋር ይገጥማል። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ወደ ውሃው ስትዞሩ ወደ ምዕራብ ነው የምታዩት። ጠዋት ፀሐይ ከኋላችሁ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ትመጣለች። የልጅቷ ፊት ላይ ብርሃኑ ከፊት ስለነበር የጠዋቱን መረጥኩ። ስልኩንም በዓይኔ ቁመት ያዝኩት፤ የውሃው መጨረሻ በዓይኗ አካባቢ ካልዋለ ግዙፍ ወይም ድንክ ትመስላለች። ታቦርን መሃል አላደረግኩትም፣ ከጭንቅላቷ ይበቅላል። ከጎን አድርጌ በ2250ው መስመር ውስጥ እንዲቀር አደረግኩ፤ አለዚያ ስቶሪው ላይ ይቆረጥና የእናቷ ትዕዛዝ ይፈርሳል።

ድጋሚ ማንሳት ለማይቻልበት ጊዜ አንድ መውጫ አለ። ትንሿን ፎቶ ለጥጣችሁ በ`Gaussian Blur` ማደብዘዝ። የካሜራ ፎከስ የተወው ይመስላል። ግን ድብዘዛው የባክግራውንዱን ጥቃቅን ነጠብጣብ ሁሉ ስለሚያለሰልሰው፣ ሰውየው ላይ ነጠብጣቡ እንዳለ ቀርቶ ከኋላ ያለው ፕላስቲክ ይመስላል። ትንሽ `RGB Noise` ባክግራውንዱ ላይ ብቻ ሲጨመር ይቀራረባል።

ነጩ ክር ደግሞ ከግቢው ግድግዳ የመጣ ነው። በጥቁሩ ጋዋን ጠርዝ 3 ፒክስል ያህል ተረፈ። ለኢንስታግራም 3000ው ወደ 1080 ሲወርድ ያ 3 ፒክስል 1 ይሆናል፤ ማንም አያየውም። ሕትመቱ ላይ ግን በሚሊሜትር 10 ፒክስል ስለሆነ 0.3 ሚሊሜትር ነጭ መስመር ነው። በጥቁር ልብስ ዙሪያ በደንብ ይታያል። የመረጥኩትን ክልል በ`Select > Shrink` 3 ፒክስል ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ በ`Feather` 1 ፒክስል አለሰለስኩት። ከቆቡ ሥር የወጣውን ፀጉር በዚህ አልነካውም፤ ይበላዋል። እሱን በማስክ ላይ በትንሽ ብሩሽ በእጅ ነው የጨረስኩት።

ጠርዙን ለማየት ሙሉውን 30 በ40 ማሳተም አያስፈልግም። ከዋናው ፋይል ላይ ፊቷንና አንድ ትከሻዋን የያዘ 1000 በ1500 ፒክስል ቁራጭ፣ ሳላሳንስና ሳላሳድግ ቆረጥኩ። በ10 በ15 ሲታተም በሳንቲሜትር 100 ፒክስል ነው፤ ልክ ትልቁ ፎቶ ላይ እንደሚሆነው። ዋጋው የአንድ ትንሽ ፎቶ ነው። ፎቶ ቤቱ ያለው ልጅ «ጭንቅላቷ ግማሽ ሆነ እኮ፣ ላስተካክለው?» አለኝ። እንዳለ እንዲያትመው ነገርኩት። ቁራጩ ላይ ጋዋኑ ንጹሕ ነበር፤ ሐይቁ ግን ስክሪኔ ላይ ከማየው ጠቆር ብሎ ወጣ። ባክግራውንዱን ትንሽ አበራሁት።

ከዚያ ሁሉንም በየፋይሉ አወጣሁ። ለግድግዳ 3000 በ4000፣ በJPEG ጥራት 95፣ በsRGB። ፍሬሙ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ስለሚሸፍን 50 ፒክስል እንደሚጠፋ አስቤዋለሁ። ለ10 በ15 በ2 በ3 ተቆርጦ፣ ለፖስት 1080 በ1350፣ ለስቶሪ 1080 በ1920። በመቁረጫው መሣሪያ ላይ `Fixed` ውስጥ `Aspect ratio` መርጣችሁ `4:5` ወይም `9:16` ከጻፋችሁ ምጥጥኑ አይንሸራተትም። ለፎቶ ቤቱ በቴሌግራም እንደ ፋይል ነው የላክሁት፤ እንደ ፎቶ ብልከው ያ የሐይቁ ታሪክ በልጅቷ ላይ ይደገማል።

ወንድሟ ደግሞ መጨረሻ ላይ ለድግሱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ባነር አለኝ። ምጥጥኑ 2 በ3 ስለሆነ የ10 በ15ቱ ቁራጭ፣ 2667 በ4000ው፣ ይገጥማል። ግን በሳንቲሜትር 27 ፒክስል ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ያ ያልተቀበልኩት የሐይቅ ፎቶ ማለት ነው። ለባነር ተቀበልኩት፤ ከሦስት አራት ሜትር ነው የሚታየው። ከኬኩ ጠረጴዛ ራቅ አድርገው እንዲሰቅሉት ብቻ ነገርኩት።