ደፈረሰ የተባለው ቀለም

የአንዲት ትንሽ ካፌ ባለቤት ዲዛይናቸውን እንድመለከትላት ጠራችኝ። ቅሬታዋ አጭር ነበር። «ቀለሞቻችን ደፈረሱ። ከረጢቱ ሌላ፣ ታፔላው ሌላ፣ የማኅበራዊ ገጻችን ፖስት ሌላ። እባክህ ደመቅ ደመቅ አድርግልን» አለችኝ። እሷ እንደ አንድ ችግር ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ሁለት ችግር ሰማሁ። ቀለም መደፍረሱ አንድ ነው፣ አለመመሳሰሉ ሌላ ነው። መንስኤያቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያል። ሁለቱን ቀላቅሎ የጀመረ ሰው ለወራት ሲያስተካክል ይኖራል።

በመጀመሪያ ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰበሰብን። የቡና ከረጢት፣ የወረቀት ኩባያ፣ ስቲከር፣ ከታፔላው የተረፈ የቪኒል ቁራጭ። ሁሉንም መስኮት አጠገብ ዘረጋን። ይህን የማደርገው በምክንያት ነው። የካፌው አምፖል ቢጫነት አለው፤ በእሱ ሥር ክሬም ሁሉ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሁሉ ቡናማ ይመስላል። ቀለም የሚዳኘው በቀን ብርሃን ነው፤ ግን ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት።

ካፌው አራት ቀለም አለው። ቡናማ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ የሸክላ ቀለም እና ክሬም። ለየብቻ ሲታዩ ያምራሉ። የሎጎውን ፋይል ከፈትኩና ቀለሙን ሁሉ አጥፍቼ ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። አረንጓዴ መደብ ላይ በሸክላ ቀለም የተጻፈው ስም ጠፋ። ባለቤቷ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችና «ጽሑፉ የት ሄደ?» አለች።

የመደፍረሱ ምክንያት ይኸው ነው። የዲዛይን ፕሮግራሞች Lab የሚባል መለኪያ አላቸው። በእሱ ውስጥ L የሚለው ቁጥር አንድ ቀለም ምን ያህል ብሩህ ወይም ጨለማ እንደሆነ ይናገራል። 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ ነው። የእነሱ ቡናማ (#6B4A36) 35 ገደማ ሆነ። አረንጓዴው (#6F7046) 46፣ የሸክላው (#A8603F) 48። ሦስቱም መሃል ላይ ተጨናንቀዋል። ብቻውን ራቅ ያለው 85 ላይ ያለው ክሬም ነው። ዓይን ፊደልን ከመደቡ የሚለየው በዋናነት በብሩህነት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲጠፋ፣ ቀለማቱ የተለያዩ ቢሆኑም ሁሉም አንድ ላይ ተቦክተው ይታያሉ። ባለቤቷ የጠየቀችው «ደመቅ ማድረግ» ይህን አይፈታም። የቀለሙ ኃይል ይጨምራል፤ የብሩህነቱ ቁጥር ግን እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከረጢቱ ነበር። ባለቤቷ ማተሚያ ቤቱ አበላሸብን ብላ አዝናለች። ሰውየው ግን በነጭ ወረቀት ያተመውን ናሙና አውጥቶ አሳየን። ልክ ነበር። ከረጢቱ ካኪ ወረቀት ነው፤ ችግሩም ከዚያ ነው። የማተሚያ ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም፤ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ካኪ ላይ የታተመ አረንጓዴ አረንጓዴ ሲደመር ካኪ ነው። ክሬሙማ ጨርሶ የለም። ለክሬም የሚታተመው ቀለም እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚታየው ወረቀቱ ራሱ ነው። ናሙናውን በነጭ ወረቀት አይቶ «ይታተም» ማለት እዚህ አያዋጣም። ናሙናው መታተም ያለበት በራሱ በከረጢቱ ላይ ነው።

የአለመመሳሰሉ ነገር ደግሞ ቀለሙ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መንገድ ነው። ማተሚያ ቤቱ የተሰጠው ከስልክ ላይ የተነሳ ስክሪንሾት ነበር። ታፔላ ሠሪው ስቲከር ቪኒል የሚቆርጠው ካለው ጥቅል ነው። ለሸክላው ቀለም የሚቀርበውን በዓይኑ መረጠ፤ ወደ ቀይ ያደላ ነበር። ማኅበራዊ ገጹን የምትይዘው ልጅ ደግሞ ቀለሙን የምታወጣው ከኩባያ ፎቶ ላይ ነው። ያ ፎቶ በቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ፣ በላዩ ፊልተር የተደረገበት ነው። ማንም አላጠፋም። እጃቸው የገባው ምንጭ ግን ለየቅል ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት ከስክሪኑ ሳይሆን ከካኪው ነው። ይህን አጥብቄ የምይዘው ልማድ ነው። በጣም አስቸጋሪው ወረቀት ላይ የቆመ ቀለም ሌላው ቦታ አያቅተውም። ስክሪን ላይ የተመረጠ ግን ካኪ ላይ ይወድቃል። ቡናማውን አጨለምነው (#2E1A12)፤ L 12 ገደማ ሆነ። የሸክላውን ወደ ንጹሕ ብርቱካናማ አመጣነው (#D0592A)፤ 53 ገደማ። ክሬሙን ወደ ነጭ አስጠጋነው (#F6EDDC)፤ 94። ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብሩህ፤ በመሃላቸው ሰፊ ርቀት አለ። አረንጓዴው ወጣ። ባለቤቷ ትወደው ስለነበር ከብዷታል፤ እኔም ቀላል ነው አላልኳትም።

ካኪ ከረጢት ላይ ጨለማው ቡናማ ብቻ ታተመ። አንድ ቀለም፣ በቀጥታ። ብርቱካናማውና ክሬሙ የሚመጡት ከረጢቱ ላይ በሚለጠፍ ነጭ ስቲከር ነው። ከሥር ነጭ ቀለም አትሞ በላዩ ማተምም ይቻላል፤ ግን ሁሉም ማሽን አይሠራውም፣ አንድ ዙር ሥራም ይጨምራል።

ብርቱካናማው ለኅትመት ሲቀየር ሌላ ወጥመድ ነበረው። ማተሚያ የሚሠራው CMYK በሚባሉት አራት ቀለሞች ነው፤ ሲያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። ፕሮግራሙ ራሱ ሲቀይረው አራቱንም ቀላቀለበት፤ ሲያን እና ጥቁርም ጭምር። ሲያን የቀይ ተቃራኒ ነው፤ ብርቱካናማ ውስጥ ደግሞ ቀይ አለ። ጥቂት ጠብ ሲል እንኳ ወደ ግራጫ ይጎትተዋል። ስለዚህ ሲያንን 0 አድርጌ፣ ማጀንታ 75፣ ቢጫ 95፣ ጥቁር 5 ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ይህ መነሻ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። ስቲከሩ ላይ ታትሞ ከታየ በኋላ ነው የጸደቀው።

ለታፔላ ሠሪው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ቁጥር ለቪኒል አይሠራም። የጸደቀውን የታተመ ስቲከር ይዤ ሄጄ ከቪኒል ናሙናው ጋር በቀን ብርሃን አስተያየን። የመረጥነውን ቪኒል መለያ ቁጥር መዘገብን። ታፔላው ከኋላው መብራት ስላለው ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይነት መሆን ነበረበት። የፊተኛው የማያሳልፍ ነበር፤ ቀን ሸክላ፣ ማታ ጥቁር።

ለገጹ ልጅ የሰጠኋት ሦስት ነገር ነው። ቀለሞቹ ኮዳቸው ተቆልፎ የገባበት የፖስት ቅርጽ፣ ፎቶ መስኮት አጠገብ ይነሳ የሚል ምክር፣ እና ፊልተር የሚደረገው ፎቶው ላይ ብቻ እንጂ ጽሑፍና ቀለም ከገባ በኋላ አይደለም የሚል። ፋይሉ ሲወጣ sRGB በሚባለው የተለመደ የስክሪን ቀለም ሥርዓት ይሁን አልኳት። አለዚያ በአንዳንድ ስልክ ላይ ቀለሙ ይፈዝዛል።

አንድ ገደብም ነግሬያቸዋለሁ። ብርቱካናማው በክሬም ላይ ያለው ንፅፅር፣ ማለትም የሁለቱ ብሩህነት ንጽጽር፣ 3.5 ለ 1 ገደማ ነው። ለርዕስና ለትልቅ ፊደል ይበቃል። ለደቃቅ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ጨለማው ቡናማ ብቻ ነው የሚገባው።

ቆይታ ባለቤቷ አረንጓዴውን ለአንድ ልዩ የቡና ዓይነት እንድንመልሰው ጠየቀች። አጨልመን ካኪው ላይ ሞከርነው። ከቡናማው ሊለይ አልቻለም። በነጩ ስቲከር ላይ ግን ቆመ። አሁን ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው።