«ጅብ ይበላል?»፦ ደሴ ተቀምጬ የካርቱን ድምፅ ያስቀረጽኩበት መንገድ

ስድስት ደቂቃ ለማይሞላ ካርቱን ድምፅ ማስቀረጽ አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንዲት አህያ እህል ተጭና፣ ውርንጭላዋን አስከትላ የሐረጎን ዳገት በምሽት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ትወጣለች፤ ጅብ ይከተላቸዋል። ሥዕሉን የሚሠራው ጓደኛዬና እኔ ደሴ ነን። እናቲቱን የተጫወቱት በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን የሠሩ የኮምቦልቻ እናት ናቸው። ውርንጭላውን የተጫወተችው ወጣት አዲስ አበባ ትኖራለች፤ ጅባችን ደግሞ የባሕር ዳር ሰው ነው። ሁሉንም አንድ ስቱዲዮ የሚያሰባስብ ገንዘብ ስላልነበረን እያንዳንዳቸው ቤታቸው ሆነው በስልካቸው እንዲቀርጹ፣ እኔ በጥሪ እያዳመጥኩ እንዳዘጋጅ ተስማማን።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ቀረጻው ሳይጀመር ነው። ወረቀት እንዳይበዛባቸው ብዬ ስክሪፕቱን ቆራርጬ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቃለ ተውኔት ብቻ ላክሁ። ውርንጭላው እየተንቀጠቀጠ እናቱን «እማዬ፣ ጅብ ይበላል?» ይላታል፤ ይበላናል ወይ ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ግን ከፊትና ከኋላው ያለውን ስለማታውቅ «በ»ን አጥብቃ፣ ጅብ ለመብል ይሆናል ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ምግብ ወዳድ ልጅ አነበበችው። ጓደኛዬ ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ሊወድቅ ደርሶ ነበር፤ እንዳለ ይቀመጥ ብሎም ተከራከረኝ። እኔ እንቢ አልኩ። የሚቀጥለው ትዕይንት የሚቆመው በልጁ ፍርሃት ላይ ነውና እዚያ ላይ ሳቅ ከገባ ጅቡ ሲመጣ የሚፈራው አይኖርም።

ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ብንሆን ኖሮ ጉዳዩ በጥቅሻ ያልቅ ነበር፤ በስልክ ግን ስህተቱ የሚታወቀው ከተቀረጸ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ስክሪፕት ለሁሉም እልካለሁ። ሁለት ዓይነት ሊነበብ በሚችል ቃል አጠገብ ብቻ «ጠብቆ» ወይም «ላልቶ» ብዬ እጽፋለሁ። በሁሉም ቃል ላይ ምልክት ማድረግ ሞክሬ ነበር፤ ተዋናዮቹ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ መንተባተብ ጀመሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። የምንቀርጸው በእርሳስ በተነደፈ ረቂቅ ሥዕል ላይ ሲሆን የእያንዳንዱ ትዕይንት ርዝመት አስቀድሞ ተወስኗል። በሰከንድ 24 ፍሬም እንሠራለንና እናቲቱ ልጇን የምታስጠነቅቅበት የሦስት ሰከንድ ትዕይንት 72 ፍሬም አለው። መጀመሪያ የጻፍኩት «ተራራውን እስክንወጣ ድረስ ወደ ኋላህ እንዳትመለከት» የሚል ነበር። በዓይኔ ሳነበው የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ጭነት እንደተሸከመ ሰው እያለከለክሁ፣ ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ ስለው ግን አራት ሰከንድ አለፈ። ቆርጬ ቆርጬ «ዳገቱን እስክንጨርስ ዞር እንዳትል» አደረግሁት፤ ከትንፋሹ ጋር ሁለት ሰከንድ ተኩል አካባቢ ወሰደ፤ የቀረው ግማሽ ሰከንድ ለዝምታ ሆነ። ተዋናይን «ትንሽ ፍጠኚ» ማለት መፍትሔ አይደለም። ሲፈጥን መጀመሪያ የሚጠፋው ስሜቱ ነው፤ ስለዚህ የሚቆረጠው ቃሉ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሥዕሉን እኔ ዘንድ እያጫወትሁ በጥሪው ውስጥ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» እል ነበር። የኔትወርኩ መዘግየት አንዴ ግማሽ ሰከንድ፣ አንዴ ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ሁልጊዜ እኩል ቢሆን እንኳ ቀንሼ አስተካክለው ነበር። ከዚያ በኋላ ትዕይንቱን ለየብቻ ቆርጬ፣ ከንግግሩ በፊት አንድ አንድ ሰከንድ የተራራቁ ሦስት የድምፅ ምልክቶች ጨምሬ ላክሁላቸው። ተዋናዩ በሁለተኛ ስልክ እያየ፣ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ አራተኛው ምልክት ሊሰማ በሚገባበት ቅጽበት ይናገራል። በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንድ ረጅም ምልክት አስገብቻለሁ። ያ ሲጮህ የጆሮ ማዳመጫውን ወደ መቅረጫው ያስጠጋል፤ ያ ምልክት በቀረጻው ውስጥ ስለሚገኝ እኔ ድምፁንና ሥዕሉን በእሱ አገጣጥማለሁ። በጥሪው የምሰማው አተዋወኑን ለመዳኘት ብቻ ነው፤ እየተቀረጸ ሳለ የእኔን ማይክ እዘጋለሁ። መስመሩ ቢቋረጥም ቀረጻው እዚያው ስልኩ ላይ ስለሚቀጥል የሚጠፋ ነገር የለም። ፋይሉ ደግሞ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሆኖ ሳይሆን እንደ ፋይል ተያይዞ ይላካል። ጅባችን መጀመሪያ የላከልኝ የድምፅ መልእክት ተጨምቆ «ሰ» እና «ሸ» እንደ ፉጨት ይሰሙ ነበር። የፋይሉ ስም ትዕይንቱን፣ መስመሩንና ሙከራውን የሚናገር ይሁን ተባባልን፤ ለምሳሌ `SC05_L014_T3.wav`።

ከሁሉ ያደከመኝ ድጋሚ ቀረጻ ነው። ድምፁ ሁሉ ከገባ፣ ጓደኛዬም አፎቹን ስሎ ከጨረሰ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ውርንጭላው አንገቱን ማዞር የሚጀምረው በመጀመሪያው ሰከንድ ላይ ነው፤ እናቱ ግን «ዞር እንዳትል» የምትለው መጨረሻ ላይ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ክልከላው ከጥፋቱ በኋላ ደረሰ። የልጁን አንገት ማዘግየት አይቻልም ነበር፤ ልክ ሲዞር የጅቡ ዓይን ጨለማው ውስጥ ያበራል። ስለዚህ ቃሉን ገለበጥሁት፤ «ዞር እንዳትል፣ ዳገቱን እስክንጨርስ!» የተደናገጠ ሰው ሲናገር እንዲሁ ነው።

ኮምቦልቻ ደወልኩና «እትዬ፣ አንዲት መስመር ብቻ ላስቸግርዎት» አልኳቸው። «ምን ቸገረኝ» አሉ። የቀደመው ቀረጻ ከተደረገ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር፤ ክረምቱ ገብቷል፣ የቤታቸው ቆርቆሮ በዝናብ ያስተጋባል። የመጀመሪያው የላኩልኝ ድምፅ የሌላ ሴት ይመስል ነበር። ምክንያቱን ስንፈልግ ያኔ በማታ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ ከስልኩ አንድ ስንዝር ርቀው ነበር የቀረጹት፤ አሁን በጠዋት፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ነው። ይህን የማውቀው እሳቸው ስለሚያስታውሱ እንጂ እኔ ስለጻፍኩት አይደለም። አሁን የክፍሉን ፎቶ፣ ርቀቱንና ሰዓቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እመዘግባለሁ።

ጋቢው ተሰቀለ፣ ማታ ሆነ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን። ያለፈውን ቀረጻቸውን በጆሯቸው አሰማኋቸውና አዲሱን መስመር ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውንም አብረው እንዲሉት ጠየቅኋቸው፤ ድምፁ ከሞቀ በኋላ ነው ወደ ቀድሞው የሚመለሰው። «ስሜት ይጨምሩበት» ማለቴን ያኔ ትቼ ነበር። «ጭነቱ ወደ ግራ አዘንብሏል፣ ጅቡ አሥር እርምጃ ላይ ነው፣ ልጁ እንዳይሰማ ግን ፍርሃትዎን ይደብቁት» አልኳቸው። እኔ ብዬ ማሳየትም አልፈለግሁም፤ አንድ ጊዜ አሳይቼ የእኔን ዜማ ቀድተው መለሱልኝ።

ሰባት ጊዜ አሉት። የወሰድነው ስድስተኛውን ነው፤ በሰባተኛው ላይ ዝናቡ ተመልሶ ነበር። ጓደኛዬ ሁሉንም አፍ እንደገና መሳል ያለበት መስሎት ተቆጥቶ ነበር። ፊደል በፊደል ስናየው ግን በዚያ መስመር ከንፈር የሚያስገጥም «መ» ወይም «በ» አንድም የለም። ዓይን የሚያስተውለው ከንፈር የሚያሾለው «ዞ» እና «ቱ» ብቻ ነው። የእነዚህን ቦታ አቀያየረ፤ ሌላው እንዳለ ቀረ። ከመስመሩ በፊት የነበረውን ማለክለክ ከድሮው ቀረጻ ቆርጬ ፊት ለፊቱ ቀጠልኩት።