አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ኮከቦች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አሮጌ የብር ጌጥ በሚገዛና በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ባለሱቁን ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በእጃችን የሚያልፈው ጠገራ ብር፣ ድሪ፣ አምባርና አሮጌ መስቀል ነው። ሜዳሊያ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሽማግሌ አርፈው ልጆቻቸው ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ነው የሚገኘው።

አንድ የጥር ወር ላይ ከኮምቦልቻ አንድ ሰው መጣ። በመሐረብ የጠቀለላትን ነገር መስታወቱ ላይ ፈታት። ባለ ስድስት ጫፍ የናስ ኮከብ ነበረች። መሐሏ ላይ ክብ አለ፣ በክቡ አናት ላይ ዘውድ፣ በውስጡም የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 6ኛ ምልክት። ዙሪያውን በእንግሊዝኛ «የአፍሪካ ኮከብ» ይላል።

«ወንድሜ፣ ይቺ የአያቴ ናት» አለኝ። «በ1933 ጣሊያን ከደሴ ሲወጣ አንድ የደቡብ አፍሪካ ወታደር በእጁ ነው የሰጠው።»

ታሪኩ ደስ ይላል፤ ከፊሉም እውነት ነው። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ የኮምቦልቻን መተላለፊያ ሰብሮ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ችግሩ ያለው ኮከቡ ላይ ነው። የአፍሪካ ኮከብ የሚባለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አፍሪካ ውስጥ ለዘመቱ የእንግሊዝና የግዛቶቿ ወታደሮች የተሰጠው ሽልማት የተቋቋመው በሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. ነው፤ ደሴ ከተያዘች ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። መጀመሪያም ለወታደሮቹ የተሰጣቸው ሪባኑ ብቻ ነበር። ኮከቡ ራሱ የታደለው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያን ቀን ደሴ የገባ ወታደር ይህንን ኮከብ ኪሱ ውስጥ ሊይዝ አይችልም።

ይህንን አውቅ ነበር። አውቄም ተኩራራሁ። ከዚያ ሪባኑን የብር ኖት በምንፈትሽበት ሐምራዊ መብራት ስር አደረግኩት። ቦግ ብሎ አበራ። የድሮ ጥጥ እንዲህ አያበራም። ጨርቅ የሚያስነጣ ኬሚካል በክርና በሳሙና ላይ በሰፊው መግባት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ኮከቧን ገለበጥኳት። ጀርባዋ ልሙጥ ነው፤ ስምም ቁጥርም የለም።

ታሪኩ አይገጥምም፣ ሪባኑ አዲስ ነው፣ ቁጥር የለም። በሦስቱ ምክንያቶች ፈረድኩባት። «ወንድሜ፣ ይቺ ቅጂ ናት፣ አትድከም» አልኩት። ሰውዬው አልተከራከረኝም። መሐረቡን መልሶ ጠቀለላት። ፊቱ ግን አሁንም አይጠፋኝም። የአያቱን ቃል ውሸት ነው ያልኩበት ያህል ነበር የከበደው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደላላ ሌላ የአፍሪካ ኮከብ ይዞ መጣ። የዚህኛው ሪባን መብራቱ ስር ጭል እንኳ አላለም። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ተበልቷል። አደራደሩም ትክክል ነው፤ የአሸዋ መደብ፣ መሐሉ ላይ ሰፊ ቀይ መስመር፣ በአንዱ በኩል ጥቁር ሰማያዊ፣ በሌላው በኩል ፈዛዛ ሰማያዊ። አሸዋው በረሃው ነው፤ ቀዩ ምድር ጦር፣ ጥቁር ሰማያዊው ባሕር ኃይል፣ ፈዛዛው አየር ኃይል። ጀርባው ላይ ደግሞ ቁጥር፣ የስም መጀመሪያ ፊደልና የቤተሰብ ስም አለው።

ልቤ ዘለለ። ደቡብ አፍሪካ ለራሷ ወታደሮች የሰጠቻቸውን ኮከቦች በጀርባቸው ላይ በስምና በአገልግሎት ቁጥር ታትም ነበር። ማዕረግ አይጻፍም። ለጥቁር ወታደሮች ከቁጥሩ በፊት «ኤን»፣ ኬፕ ኮር ለሚባለው የክልሶች ክፍል ወታደሮች «ሲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ይገባሉ። የደላላው ኮከብ ጽሑፍ ይህንን ሥርዓት የጠበቀ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ጦር ባለፈበት ከተማ የደቡብ አፍሪካ ኮከብ ተገኘ ብዬ አመንኩ። በ6,000 ብር ገዛሁት። ጋሼ በዚያን ቀን ሐይቅ ለለቅሶ ሄደው ነበር፤ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ልጅ ከሰኞ ገበያ በኩል መጣና «ሜዳሊያ ትገዛላችሁ?» አለ። ኮከብ ነው። ገለበጥኩት። ቁጥሩን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። ያው ቁጥር፣ ያው ስም።

አንድ የአገልግሎት ቁጥር የአንድ ሰው ነው። ለአንድ ወታደር ደግሞ አንድ የአፍሪካ ኮከብ ነው የሚሰጠው። የጠፋበት ሰው ምትክ ሊያገኝ ይችላል። የጠፋውም ምትኩም ደሴ ላይ በአንድ ወር ልዩነት ይገናኛሉ ብሎ ማመን ግን ይከብዳል። ልጁን «ትንሽ ቁጭ በል» ብዬ ሻይ አዘዝኩለትና ጋሼን ጠራኋቸው።

ጋሼ አንጥረኛ ናቸው። ሜዳሊያ አንብበው ሳይሆን ብረት አቅልጠው ነው ያደጉት። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጉና አሥር እጥፍ የሚያጎላውን መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰኩ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ቁጥሩን ተወው። ጭረቱን እይ» አሉኝ።

ከቁጥሩ ሁለተኛ አሃዝ ስር አንዲት ጭረት አለች። በሁለቱም ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ማዕዘን። ፋብሪካ የመታቸው ሁለት ኮከቦች አንድ ዓይነት ምስል ይኖራቸዋል፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ጭረት ግን ኮከቡ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በኪስ፣ በመሳቢያ፣ በልጅ እጅ የሚመጣ ነገር ነው። ሁለት ኮከቦች አንድ ጭረት አይጋሩም። አንድ ጭረት ያለበት እናት ኮከብ ነበረ ማለት ነው፤ ከእሱ ላይ ቅርጽ ተወስዶ ናስ ፈሰሰበት። ቅርጹ ሁሉን ነገር ይቀዳል፤ ዘውዱን፣ ፊደሉን፣ ጭረቱን፣ ቁጥሩንም ጭምር። እኔ እንደ ማረጋገጫ የወሰድኩት ቁጥር አብሮ የፈሰሰ ነበር።

ቀጥለው ፊደሉን እንዳይ አደረጉኝ። ቁጥር በብረት ማኅተም ተመትቶ ሲታተም ብረቱ የሚሄድበት ስለሌለው ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ በፊደሉ ጠርዝ ላይ ቀጭን ከንፈር ይቆማል፤ የፊደሉም ወለል ጠፍጣፋና ጥርት ያለ ይሆናል። የእኛዎቹ ፊደላት ጠርዛቸው ክብ ነው፣ ሳሙና ላይ የተጻፉ ይመስላሉ። በአንደኛው ላይ «ስምንት» ቁጥር ውስጥ የጤፍ ፍሬ የማታክል የናስ ጉብታ አለች። ቅርጹ ውስጥ የአየር አረፋ ከነበረ ናሱ ገብቶ ይሞላውና እንዲህ ያለ ጉብታ ይቀራል። በማኅተም የተመታ ፊደል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።

መጨረሻ ላይ በካሊፐር ለካናቸው። የአፍሪካ ኮከብ ቁመቱ 44 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የእኛዎቹ ሁለቱም ከ43 ብዙም አላለፉም። ናስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ከእናቱ የተቀዳ ልጅ ምንጊዜም ትንሽ ያንሳል። ጋሼ ግን እዚህ ላይ አስጠነቀቁኝ። ብዙ ዓመት የተወለወለ እውነተኛ ኮከብም ጫፉ ሊያልቅ ይችላል። ልኬቱ ብቻውን አይፈርድም፤ ከጭረቱና ከፊደሉ ጋር ሲሆን ነው የሚናገረው።

«ሪባኑስ?» አልኳቸው። «ሪባኑ እውነተኛ አሮጌ ነበር እኮ።»

«ሪባን በመርፌ ይገባል፣ በመቀስ ይወጣል» አሉ ጋሼ። ከሌላ አሮጌ ሜዳሊያ ላይ ተፈቶ የመጣ ነው ማለታቸው ነው። ያኔ የኮምቦልቻው ሰው ትዝ አለኝ። አሮጌ ሪባን ሐሰተኛ ኮከብ ላይ መሰፋት ከቻለ፣ አዲስ ሪባንም እውነተኛ ኮከብ ላይ ሊሰፋ ይችላል። ደግሞ አሮጌ ሪባን በዱቄት ሳሙና ከታጠበ መብራቱ ስር ያበራል። ይህንን እንኳ አልጠየቅኩም ነበር።

ቁጥር የለም ያልኩትም ስህተት ነው። እንግሊዝ ለራሷ ወታደሮች የሰጠቻቸው የዚያ ጦርነት ኮከቦች ጀርባቸው ልሙጥ ነው። ስም አልታተመባቸውም፣ የሠሪ ምልክትም የላቸውም። ልሙጥነቷ የጥፋት ምልክት አልነበረም።

የሰውዬው ስልክ መዝገባችን ላይ ነበር። ደወልኩና ይቅርታ ጠይቄ፣ ኮከቧን ደግሜ ባያት ብዬ ለመንኩት። «አብሽር፣ ና» አለኝ። ቅዳሜ ሐረጎን ወረድኩ። ቤታቸው ከቦርከና ወንዝ ብዙም አይርቅም።

ቡና ተፈልቶ ነበር። መነጽሩን አውጥቼ ኮከቧን አየሁ። የዘውዱ ዶቃዎች አንድ በአንድ ተለይተው ይቆጠራሉ። የፊደሎቹ ጠርዝ ስል ነው። ጀርባዋ ጠፍጣፋ ሆኖ አረፋም ጉብታም የለበትም። በጎኗ ላይ የሞረድ ዱካ አልነበረም፤ የፈሰሰ ብረት ግን የቅርጹን ስፌት ለማጥፋት ጎኑ ይሞረዳል። ለካኋት፤ 44 ሞላች። ናሱ በጉድጓዶቹ ውስጥ ጠቁሯል፣ ከፍ ባለው ላይ በእጅ ብዛት ነጥቷል።

«እውነተኛ ናት» አልኳቸው። «የከበደኝ ታሪኩ ነው።»

የሰውዬው አክስት ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ሲሰሙን ነበር። «ማን ነው በ1933 ያለህ?» አሉት የወንድማቸውን ልጅ። «አባታችን ጣሊያንን የተዋጋበትን ቦታ ለአንድ እንግሊዝ አሳየው። እሱም የመጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አባቱ በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ሹፌር ሆኖ አልፎ ነበር። ሦስት ቀን አብረው ሲዞሩ ከረሙ። ሲሄድ የአባቱን ነው ብሎ ይቺን ሰጠው። ሪባኗን እኔ ነኝ ያጠብኳት፤ ጥቀርሻ ነክቷት።»

ሰውዬው ልጅ ሳለ ሁለት ታሪክ ሰምቶ አንድ አድርጎታል። አያትየው ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ ኮከቧን ያሳዩ ነበር፤ ስለዚህ ኮከቧም በጦርነቱ ቀን የመጣች መሰለው። ማንም አልዋሸም።

ደሴ ያሉትን ሁለት ቅጂዎች ጋሼ በቀጭን መሮ ጀርባቸው ላይ «ቅጂ» ብለው ጻፉባቸው። መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መነጽሩን ሰጥተን የምናስጀምረው በእነሱ ነው። 6,000 ብሩን በየወሩ ከደሞዜ እየተቆረጠ ከፈልኩ። ደላላው ተመልሶ አልመጣም።

የኮምቦልቻዋን ኮከብ ልግዛት አላልኩም፣ እነሱም አላቀረቡልኝም። አክስትየው ካጠቧት በኋላ ሪባኗን ገልብጠው ነበር የሰፏት። ጥቁር ሰማያዊው መስመር ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው በግራ በኩል መሆን አለበት። ይህንን ስነግራቸው መርፌና ክር አመጡ። ፈትቼ፣ አዙሬ፣ መልሼ ሰፋሁላቸው።