ሞላ ላይ የተንጠለጠለው ግማሽ ኪሎ

አራት ኪሎ አካባቢ፣ እቤቴ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን የጎረቤት ልጅ ፊዚክስ አስጠናለሁ። የሬዞናንስን ኩርባ፣ ማለትም የሚወዛወዝ ነገር በራሱ ምት ሲገፋ ስፋቱ እንዴት እንደ ተራራ ከፍ እንደሚል የሚያሳየውን፣ ስስልለት “ጋሼ፣ ይሄ ተራራ በእውነት አለ?” አለኝ። ለክተን እንየው አልኩት።

ግማሽ ኪሎ የሚዛን ብረት ከሱቅ ተዋስን። ሞላ ላይ ስንሰቅለው 20 ሴንቲ ሜትር ለጠጠው። ከዚህ ብቻ ሲሰላ፣ በራሱ ጊዜ በሴኮንድ 1.1 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ላይኛውን ጫፍ የሚያወዛውዝልን ደግሞ ከመርካቶ የገዛኋት ባለ ማርሽ ትንሽ ሞተር ናት። ጫፉን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅሰዋለች። በእጅ ሞክረን ነበር፤ አይሆንም። እጅ ሳይታወቀው የብረቱን ምት ይከተላል።

ሞተሩን በሴኮንድ 1.0 ዙር ላይ አደረግነው። የብረቱ ውዝዋዜ እያደገ ሄደ፣ ከዚያ ሊቆም ደረሰ፣ እንደገና አደገ። “ጋሼ፣ ሞተሩ ተበላሸ!” አለ ልጁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ፈታሁት። ምንም የለበትም። ሰዓት ይዘን ስናይ ግን መለዋወጡ በየ10 ሴኮንዱ ነው። የ1.1 እና የ1.0 ልዩነት 0.1፣ እሱም በ10 ሴኮንድ አንዴ ማለት ነው! የብረቱ የራሱ ውዝዋዜ ገና ስላልሞተ ከሞተሩ ጋር አንዴ ይደጋገፋል፣ አንዴ ይጣላል። አየር ውስጥ እስኪሞት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ እኛ ግን ወዲያው ልንለካ ነበር የቸኮልነው።

ስለዚህ ዳምፒንግ፣ ማለትም ውዝዋዜውን ቶሎ የሚያከስም ነገር፣ ጨመርን። ከብረቱ ሥር 4 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ቆርቆሮ በሽቦ አስረን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርነው። አሁን ሲለቀቅ በ2 ውዝዋዜ ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ ተነስተን ስናሰላ፣ ሬዞናንስ ላይ ስፋቱ የሞተሩን 5 ሚሊ ሜትር 9 እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ፍጥነቱን በለወጥን ቁጥር 20 ውዝዋዜ ቆጥረን ብቻ ለካን።

ሞተሩ በሴኮንድ 0.8 ዙር ላይ ሲሆን ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። በ1.0 ወደ 2.5፣ በ1.1 ወደ 4.5 ደረሰ። በ1.2 ተመልሶ 2.2 ያህል ሆነ። በ2.0 ብረቱ ከሞተሩ ራሱ ባነሰ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ተንቀሳቀሰ። ተራራው አለ! ውኃው መጎተቱ ከፍጥነት ጋር እኩል ስለማያድግ ቁጥሮቹ ከቀመሩ በጥቂቱ ይርቃሉ፤ ቅርጹ ግን ያው ነው።

ልጁን ይበልጥ የገረመው ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ቀስ ሲል ብረቱ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል። በ2.0 ላይ ሞተሩ ሲወጣ ብረቱ ይወርዳል። ተራራው ጫፍ፣ በ1.1 ላይ ግን፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲደርስ ብረቱ ገና መሃል ላይ ነው፣ ወደ ላይ እየሄደ። ከዚያ ወዲህ ማስመሪያውን ትተን ሬዞናንሱን በዚህ ነው የምንፈልገው።